«ሰሚት! ሰሚት!» የሚል ሜኑ

መገናኛ ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሰሚት! ሰሚት! ሁለት ሰው!» ይላል እንጂ «እንኳን ወደ ታክሲያችን በሰላም መጡ» አይልም። ሰልፈኛው ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድና ቦታ መኖሩን። ረዳቱ እነዚህን ሁለቱን በሦስት ቃል ጨርሷቸዋል።

የምግብ ቤቶቻችን ድረ ገጽ ግን ይህን አልተማረም። ስልክዎን አውጥተው በሰፈርዎ ምሳ የሚበላበት ቤት ቢፈልጉ፣ ከሚመጡት ውጤቶች አንዱ ወይም ሁለቱ «Home | Menu» የሚል ርዕስ ይዘው ይቀርባሉ። የየት ሰፈር ሜኑ? የምን ሜኑ? ከስር ያለውም ጽሑፍ ስለ ቤቱ ራእይና ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ ያወራል። እርስዎ ግን ርቦዎታል።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የአንዲት ባለ ምግብ ቤት ጉዳይ ነው። ቤቷን እዚህ «ሰፌድ» ልበለው፤ እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ዓመታት ያገለገለ ክትፎ ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ተነሥታ ሰሚት ገባች። ወጥ ሠሪዎቿ አብረዋት ሄዱ፣ ምጣዱና ጣባው አብሮ ሄደ። ድረ ገጿ ግን ካዛንቺስ ቀረ። የሜኑ ገጹን ከፍቼ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ስመለከት ያገኘሁት ይህን ነው፦

```html
<title>Home | Menu</title>
<meta name="description" content="Welcome! Best restaurant in Kazanchis">
```

«እትዬ፣ ይህን ማን ጻፈው?» አልኳት።

«ሳይቱን የሠራልኝ ልጅ። ምነው? ሰው ቢቸግረው ደውሎ አይጠይቅም?»

ለመደወልም መጀመሪያ ቤቱ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአዲሱ ሰፈር ሰው ደግሞ ይህ ቤት ገና አልነበረም።

እነዚህ ሁለት መስመሮች በገጹ ላይ አይታዩም፤ በገጹ አናት ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩ ናቸው። የሚታዩት ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ በደማቁ የሚመጣውና የሚጫነው መስመር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው፣ ከርዕሱ ይወሰዳል። ከስሩ በቀጭኑ የሚታየው ሁለት መስመር ጽሑፍ ደግሞ አንዳንዴ ከሁለተኛው፣ ከመግለጫው ይመጣል። ርዕሱ ጎግል ገጹን ደረጃ ለመስጠት ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ነው። መግለጫው ግን በደረጃ ላይ አንዳች ሚና የለውም፤ ይህን ጎግል ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. ግልጽ አድርጎታል። የመግለጫው ሥራ ገጹ አንዴ ከቀረበ በኋላ ሰውየው ከአምስቱ ውጤት ይኼኛውን እንዲጫን ማድረግ ነው። ስለዚህ ርዕሱ ረዳቱ ነው፣ መግለጫው ደግሞ የታክሲው በር። እሷ ጋ ሁለቱም ተሰብረው ነበር።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ሰፈሩን ማን ብለን እንጥራው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የንግድ ፈቃዱን አውጥቶ «ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ እንትን» ብሎ ይጽፋል። ለሚ ኩራ የከተማዋ አስራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሌላ ክፍለ ከተማ ስር የነበረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከቤቱ ሳይነቃነቅ አድራሻው ተለወጠ። ሰሚት ግን ሰሚት ሆኖ ቀረ። ሲኤምሲም ሲኤምሲ ነው፤ ስሙን የሰጠው የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ነው ብሎ ዛሬ የሚያስብ ተሳፋሪ የለም። በርቦት ስልኩን ያነሣ ሰው የሚጽፈው ታክሲ ላይ የሚሰማውን ስም ነው። ወረዳን የሚጽፍ ሰው ካለ የሚፈልገው መታወቂያ እንጂ ክትፎ አይደለም።

በሚያድግ ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። አዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ሁለትና ሦስት ስም ይዞ ይዞራል፤ የፕሮጀክቱ ስም፣ የነባሩ ሰፈር ስም፣ ረዳቶቹ የሚጮኹት ስም። ከነዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ጥናት አያስፈልግም። ታክሲ ተራ ላይ አስር ደቂቃ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል።

ታዲያ ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ሌላ ጣጣ አለው። አማርኛ መስተዋድዱን ከቃሉ ጋር ያጣብቀዋል፤ በሰሚት፣ የሰሚት፣ ከሰሚት፣ እየተባለ ይጻፋል። አንባቢ ሁሉንም ያው ሰሚት እንደሆነ ያውቃል። የፍለጋ ማሽን ግን ለአማርኛ ያለው እውቀት ለእንግሊዝኛ ካለው ጋር አይወዳደርም፤ «በሰሚት»ንና «ሰሚት»ን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል ብዬ አልተማመንም። ስለዚህ የሰፈሩ ስም ርዕሱ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራቁቱን መቆም አለበት፣ ረዳቱ እንደሚጠራው። «በሰሚት የሚገኝ ምርጥ ምግብ ቤት» ከማለት «ሰሚት፦» ብሎ መጀመር ይሻላል፤ ደግሞም ያጥራል።

የሞክሼ ፊደላቱ ነገርም አለ። ጾም ወይስ ፆም? ሥጋ ወይስ ስጋ? የአማርኛ መምህሬ ሰምተውኝ ቢሆን ይቀየሙኝ ነበር፤ ግን ለርዕሱ ትክክለኛው አጻጻፍ ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚነካው ነው። ሁለቱንም ርዕሱ ላይ መደርደር ግን ገጹን የልጅ ደብተር ያስመስለዋል። አንዱን ርዕሱ ላይ አድርጎ ሌላውን ገጹ ውስጥ፣ ለምሳሌ በአንድ ምግብ ማብራሪያ ውስጥ፣ ማግባት ይበቃል። በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ kitfo summit፣ ሌላው yetsom migib summit እያለ። ለእነዚህ ሲባል የቤቱና የሰፈሩ ስም በርዕሱ ጭራ ላይ በላቲን ቢገባ አይጎዳም። ሙሉ የእንግሊዝኛ ሜኑ ያለው ቤት ከሆነ ግን ለእሱ የራሱን ገጽና የራሱን ርዕስ መስጠት ይሻላል፤ አንድ ርዕስ ሁለት ቋንቋ ሙሉ በሙሉ ሊሸከም አይችልም።

የማይሸከምበት ምክንያት ስፋቱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ምክሮች «ርዕስዎን ከ60 ፊደል አያሳልፉ» ይላሉ። ጎግል ግን ፊደል አይቆጥርም። ርዕሱ በስክሪኑ ላይ ያለው ስፋት ካለቀ ይቆርጠውና ሦስት ነጥብ ያደርግበታል። የእኛ ፊደል ደግሞ ወፈር ያለ ነው። አንድ «ጭ» ሁለት i ጎን ለጎን ሆነው ከሚይዙት ቦታ የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ 60 ፊደል አማርኛ ጽፎ የሚጠብቅ ሰው ጭራውን ተቆርጦ ሊያገኘው ይችላል። በሌላ በኩል አንድ ፊደላችን ሙሉ ክፍለ ቃል ስለሆነ በትንሽ ፊደል ብዙ ይባላል፤ «ክትፎ» ሦስት ፊደል ብቻ ናት። እኔ የምከተለው ልማድ ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ 30 እና 35 ፊደላት ውስጥ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ቀሪው ቢቆረጥም ባይቆረጥም ሰውየው የፈለገውን አይቷል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ። እትዬ የቤቷ ስም ፊት እንዲሆን ፈለገች፣ አልፈርድባትም። ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ስሙን ጽፎ ይመጣል፤ ጎግልም ለዚያ ሰው ቤቱን ለማግኘት አይቸገርም። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በስልክ ላይ የድረ ገጹ ስም ከርዕሱ በላይ ለብቻው ይታያል። ስሙን ፊት ማድረግ ማለት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማለት ነው፣ ያም ውዱን ቦታ በልቶ። ሰሚት ላይ አዲስ የገባው ጎረቤት «ሰፌድ» የሚባል ቤት መኖሩን አያውቅም። የሚያውቀው ሰፈሩን ነው፣ የሚፈልገውም ምግቡን።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የተስማማንበት ይህ ነው፦

```html
<title>ሰሚት ሜኑና ዋጋ፦ ክትፎ፣ ጥብስ፣ የጾም በየዓይነቱ | ሰፌድ Sefed Summit</title>
<meta name="description" content="ሰሚት ኮንዶሚኒየም በር ፊት ለፊት። ክትፎ፣ ጥብስ፣ ሽሮ፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም በየዓይነቱ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት። ሙሉ ሜኑ ከነዋጋው እዚህ።">
```

ከመስመሩ በፊት ያለው የርዕሱ ክፍል 32 ፊደል ነው። «ሜኑና ዋጋ» የሚለው ለምን ገባ ብትሉ፣ ይህ ገጽ የሜኑ ገጽ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ቤቱ ያውራ፤ ይኼኛው የሚፈለገው ምን አለ፣ ስንት ነው ለሚል ሰው ነው። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ካልኖረው ጎግል የትኛውን ለማን እንደሚያቀርብ መለየት ይቸግረዋል። «የጾም በየዓይነቱ» የገባውም ለማሳመር አይደለም። ሰፈሩ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ፣ ሰዎች የሚፈልጉት እሱን ነው፤ የክትፎ ቤት ስሙን ይዞ የጾም ምግብ እንዳለው የማይናገር ቤት በዚያ ወቅት የተዘጋ ይመስላል።

ያልገባውንም ልንገራችሁ። «ምርጥ» የለም፣ «ቁጥር አንድ» የለም። ሁሉም የሚለው ስለሆነ ማንም አይሰማውም። «ሰሚት፣ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ገርጂ» የሚል ድርድርም የለም። ይህን አጎቷ ልጅ ነው ያመጣው፤ «አራት ሰፈር ብንጽፍ አራት እጥፍ ሰው ይመጣል» ብሎ። አይመጣም። አራት ስም የደረደረ ረዳት ታክሲው የትኛው ጋ እንደሚሄድ ማንም ስለማያምነው ባዶውን ይቆማል። ጎግልም እንዲህ ያለውን የቃላት ክምር ሲያይ ርዕሱን ትቶ በራሱ ይጽፋል። ቤቱ በእርግጥ አያት ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ቢከፍት ለዚያ ሌላ የሜኑ ገጽ፣ ከሌላ ርዕስ ጋር ይሠራል።

ጎግል ርዕስን በራሱ ይጽፋል ማለቴ ቀልድ አይደለም። ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ርዕሶችን የሚያዘጋጅበት ዘዴ ተቀይሯል። አብዛኛውን ጊዜ የጻፍነውን ይጠቀማል፤ ርዕሱ ባዶ ሲሆን፣ ሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ወይም በገጹ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ጋር ሲጣላ ግን ከገጹ ውስጥ ሌላ ጽሑፍ አንሥቶ ይተካዋል። የሰፌድ ገጽ አናት ላይ በትልቁ «እንኳን ደህና መጡ» ተጽፎ ነበር። እሱን «የሰፌድ ሜኑ፣ ሰሚት» ብለን ቀየርነው። ርዕሱና የገጹ ራስ አንድ ነገር ሲናገሩ ጎግል እጁን የሚያስገባበት ምክንያት ይቀንሳል።

መግለጫው ላይ ግን ከዚህ የባሰ ነፃነት ይወስዳል። ሰውየው «ቁርስ ሰሚት» ብሎ ከጻፈና የእኛ መግለጫ ስለ ቁርስ ካላወራ፣ ጎግል ገጹን በርብሮ ስለ ቁርስ የሚለውን መስመር አውጥቶ ያሳያል። ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ግን ገጹ ውስጥ የሚበረበር ጽሑፍ ሲኖር ብቻ ነው። አብዛኞቹ ቤቶቻችን ሜኑውን ያሳተሙትን ወረቀት ፎቶ አንሥተው ይለጥፋሉ። ፎቶ ላይ «ጨጨብሳ» ተብሎ መጻፉ ለሰው ዓይን ነው፤ ለፍለጋው በጽሑፍ እንደተጻፈ ያህል አያገለግልም። እትዬም ጋ እንዲሁ ነበር። ርዕሱን ማስተካከሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ ሜኑውን ከፎቶ ወደ ጽሑፍ መገልበጡ ግን ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። የበለጠው ጥቅም የመጣው ከዚህኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

የጻፍነው መግለጫ ቃል በቃል የሚታይበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ቴሌግራም። አዲስ አበባ ውስጥ የሜኑ ሊንክ ከጎግል እኩል የሚዞረው በመሥሪያ ቤት ግሩፖች ነው። አንዱ ሊንኩን ሲልክ ከስሩ ርዕስና መግለጫ ያለባት ትንሽ ሳጥን ትወጣለች። ለዚህ `og:title` እና `og:description` የሚባሉ ሌሎች ሁለት መስመሮች አሉ፤ ያንኑ ጽሑፍ እነሱም ላይ ማድረግ ነው። እኛ ካስተካከልን በኋላም ሳጥኗ «Best restaurant in Kazanchis» እያለች ቀረች። ቴሌግራም የድሮውን ያስቀምጣልና። `@WebpageBot` ለተባለው ቦት ሊንኩን ስንልክለት አደሰው።

ዋጋውን ራሱን መግለጫው ላይ እንጻፍ ወይ የሚለው ላይ ከእትዬ ጋር አልተስማማንም። እሷ «ክትፎ ስንት እንደሆነ አይቶ ይምጣ» አለች። ሐሳቡ ይማርካል። ነገር ግን ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቅቤና የሥጋ ዋጋ ሲለዋወጥ ሜኑ በስንት ጊዜው እንደታተመ ታውቃለች። ጎግል ደግሞ የተለወጠን ገጽ በዚያው ቀን አያይም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። ፍለጋው ላይ የድሮውን ዋጋ ያየ ደንበኛ ሂሳብ ሲቀርብለት ከአስተናጋጇ ጋር ይጣላል። «ከነዋጋው» የሚለው ቃል ይበቃል፣ ቁጥሩ ገጹ ላይ ይኑር። ሰዓቱም ቢሆን በአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» መባሉ ያለ ችግር ነው፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን 7 a.m. ካልተባለ ከውጭ የመጣው እንግዳ ሌሊት በር ያንኳኳል።

ይህ ሁሉ የማይሠራው ሥራም አለ። «ሰሚት ምግብ ቤት» ብለው ሲፈልጉ ከሁሉም በላይ ከካርታው ጋር የሚመጡት ሦስት ቤቶች የሚመጡት ከጎግል የንግድ መገለጫ ነው፣ ከገጹ ርዕስ አይደለም። እዚያ ላይ ጎግል የሚያየው ፍለጋው ከቤቱ ጋር መገጣጠሙን፣ ርቀቱንና የቤቱን ታዋቂነት ነው። ርቀትን ደግሞ በጽሑፍ ማሳጠር አይቻልም። አንዳንዱ ይህን ለማለፍ ካርታው ላይ የቤቱን ስም «ሰፌድ ምርጥ ክትፎ ሰሚት» ብሎ ያስመዘግባል። ርዕስ ላይ ሰፈር መጻፍ የተፈቀደ ነው፤ የካርታው ስም ላይ ግን የጎግል ደንብ በር ላይ ከተሰቀለው ስም ሌላ እንዳይገባ ይከለክላል፣ መገለጫውም ሊታገድ ይችላል። እዚያ ማድረግ የሚቻለው ፒኑን ከካዛንቺስ አንሥቶ ሰሚት ላይ መትከልና ሜኑ በሚለው ሣጥን ውስጥ የአዲሱን ገጽ ሊንክ ማስገባት ነው። ሁለቱንም አደረግን።

መሥራቱን የሚያሳየው ሰርች ኮንሶል የተባለው የጎግል ነፃ መሣሪያ ነው። ገጹን አስገብቶ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ከዚያ መታገስ። ሰዎች ምን ጽፈው እንደመጡ፣ ገጹ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ እንደተነካ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ታይቶ ካልተነካ ችግሩ ርዕሱና መግለጫው ነው። ጨርሶ ካልታየ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ርዕስ መቀያየሩ አያድነውም። ከለውጡ በፊት የነበሩትን 28 ቀናት ከለውጡ በኋላ ካሉት 28 ቀናት ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ ግን ሁዳዴን ከፋሲካ ማግስት ጋር ያነጻጸረ ክትፎ ቤት ራሱን ያታልላል።

እትዬ ሰርች ኮንሶሉን ከፍቼ ሳሳያት አንድ ነገር ላይ ዓይኗ ቀረ። ሰዎች እስካሁን kazanchis kitfo እያሉ ይጽፋሉ። የድሮ ደንበኞቿ ናቸው፣ የት እንደገባች ያላወቁ። ርዕሱ ላይ ካዛንቺስን መመለስ አይቻልም፣ ውሸት ይሆናል። ሜኑው ግርጌ ላይ ግን አንድ መስመር በጽሑፍ ጨመርን፦ «ካዛንቺስ የነበረው ሰፌድ ክትፎ ቤት አሁን ሰሚት ነው።» ያ መስመር እስከ ዛሬ እዚያ አለ።